«አጣዳፊ» እና «ሥር የሰደደ» የደም ካንሰር፦ ስማቸው የሚያሳስተን በሽታዎች

«ሥር የሰደደ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ነቅለን ልንጥለው ያቃተንን ነገር እናስባለን። ሥር የሰደደ ድህነት፣ ሥር የሰደደ ቂም እንላለን። «አጣዳፊ» ደግሞ ለብዙዎቻችን አጣዳፊ ተቅማጥን ያስታውሰናል፤ ድንገት መጥቶ ያዋክባል፣ በጊዜ ከተደረሰበትና ግሉኮስ ከተሰካ ግን በቀናት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ «ሥር የሰደደ ሉኬሚያ ነው» ተብሎ ከሀኪም ክፍል የወጣ ቤተሰብ ሁሉ ነገር እንዳበቃ ቆጥሮ ሲያለቅስ፣ «አጣዳፊ ሉኬሚያ ነው» የተባለው «እስቲ በዓሉ ይለፍና እንመለሳለን» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሁለቱ ቃላት በሽታው ምን ያህል እንደገፋ አይናገሩም። አንዱ የመጀመሪያ፣ ሌላው የመጨረሻ ደረጃ አይደለም፤ አጣዳፊው ቆይቶ ሥር የሰደደ አይሆንም። የሚናገሩት ካንሰር የሆነው ሴል በዕድገቱ የት ላይ እንዳለ ነው። ገና በቡቃያነቱ ቆሞ ቀርቷል ወይስ አድጎ ደርሷል? የሕመሙ ፍጥነት፣ የሕክምናው ዓይነት፣ ዛሬውኑ መተኛት ወይም ለሦስት ወር ቀጠሮ መያዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የደም ሴል «ደረሰ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ሴሎች፣ ከተዋሲያን ጋር የሚዋጉት ነጭ ሴሎችና ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ሁሉም የሚጀምሩት ከአንድ ዓይነት እናት ሴል ነው። መቅኔውን እንደ ስንዴ ማሳ ብናየው ይቀላል። ዘሩ ይበቅላል፣ ቡቃያ ይሆናል፣ እሸት ይይዛል፣ በመጨረሻ ይደርሳል። ወደ ጎተራ የሚገባው የደረሰው ብቻ ነው። ከመቅኔ ወጥቶ ወደ ደም ሥር የሚገባውም እንዲሁ የደረሰ ሴል ብቻ መሆን አለበት።

ቡቃያው ሴል በሕክምና ቋንቋ «ብላስት» ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትልቅ ነው፤ አስኳሉ የሴሉን ሆድ ከሞላ ጎደል ይሞላዋል። የደረሰው የነጭ ሴል ወታደር፣ ማለትም ኒውትሮፊል፣ አስኳሉ ሦስት አራት ቦታ ተቆራርጦ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተያያዘ ይመስላል። ትልቁ ልዩነታቸው ግን ሥራቸው ነው። ብላስት ይባዛል እንጂ መዋጋት አይችልም። ኒውትሮፊል ደግሞ ይዋጋል እንጂ አይባዛም፤ ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ሠርቶ ይሞታል። በጤነኛ ሰው መቅኔ ውስጥ ከመቶ ሴሎች ብላስት የሚሆኑት ከአምስት ያነሱ ናቸው። ደም ሥር ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይታዩም ማለት ይቻላል። ቁጥራቸው በመቅኔ ወይም በደም ከመቶ 20 ሲደርስ አጣዳፊ ሉኬሚያ ይባላል። ሀኪሞች ይህን መስመር ሳይጠብቁ በዘረ መል ምርመራ ብቻ አጣዳፊ የሚሏቸው ጥቂት ዓይነቶችም አሉ።

ስሞቹ ሲወጡ ግን ስለ ሴል ዕድገት የሚያውቅ አልነበረም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾው በ1840ዎቹ «ሉኬሚያ» የሚለውን ስም ሲያወጣ ያየው ነገር በነጭ ሴል የተሞላ ደም ነበር፤ ቃሉም በግሪክኛ «ነጭ ደም» ማለት ነው። ቶሎ የገደለው አጣዳፊ፣ ዓመታት የወሰደው ሥር የሰደደ ተባለ። መለኪያው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፓውል ኤርሊክ የደም ሴሎችን በቀለም መለየት ሲጀምር ነው ቶሎ በገደሉት ሕሙማን ደም ውስጥ የሞላው ቡቃያ፣ በቆዩት ደም ውስጥ የሞላው ደግሞ የደረሰ ሴል መሆኑ ቀስ በቀስ የታወቀው።

የትኛው ወረቀት ነው ማስደንገጥ ያለበት?

ለምሳሌ እንዲሆኑ ሁለት የሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ፣ ውጤቶችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ሰዎቹ ምናባዊ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ የሚታዩ ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የ19 ዓመት ወጣት ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጥርሱን ሲፋቅ ድዱ ይደማል፣ ቅልጥሙ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ቢወስድም ትኩሳቱ አልለቀቀውም። በወረቀቱ ላይ ነጭ ሴል 9,800፣ ሄሞግሎቢን 6.1፣ ፕላትሌት 14,000 ይላል።

ሁለተኛው የ36 ዓመት ነጋዴ ነው። ለወራት የግራ ጎኑ ይከብደዋል፤ ሁለት ጉርሻ ሲበላ ይጠግባል፣ ቀበቶው ግን ጠቦታል። ሱቁን አልዘጋም። ነጭ ሴል 240,000፣ ሄሞግሎቢን 10.4፣ ፕላትሌት 520,000።

የአዋቂ ሰው ነጭ ሴል በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለሚያነብ ዘመድ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፤ ከልኩ ከሃያ እጥፍ በላይ አልፏል። የወጣቱ ነጭ ሴል ግን «ኖርማል» ነው። ማሽኑም ላያስጠነቅቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ብላስትን ሊምፎሳይት ወይም ሞኖሳይት ከሚባሉት የደረሱ ነጭ ሴሎች አንዱ ብሎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ነው ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ የሚባለው ምርመራ የሚያስፈልገው። ባለሙያው አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ይስባል፣ ያደርቃል፣ ቀለም ይነክራል፣ ከዚያ በዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ይቆጥራል።

የወጣቱ መቶ ሴል ሲቆጠር 64 ብላስት፣ 30 ሊምፎሳይት፣ 4 ኒውትሮፊል፣ 2 ሌላ ሆነ እንበል። አሁን ስሌቱን እንሥራ። የ9,800 አራት ከመቶ 392 ነው። እውነተኛ ወታደሮቹ 392 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ከ500 በታች ሲሆን ተራ የአንጀት ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ትኩሳት ስላለው ጉዳዩ እስከ ነገ የሚቆይ አይደለም፤ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር መጀመር ያለበት አሁን ነው። ፕላትሌቱ ደግሞ ከ150,000 መውረድ ሳይገባው 14,000 ስለሆነ ጭንቅላት ውስጥ የመድማት ሥጋት አለበት።

የነጋዴው መቶ ሴል ሲቆጠር መልኩ ሌላ ነው፦ 3 ብላስት፣ 24 በመካከለኛ ዕድገት ላይ ያሉ፣ 55 የደረሱ ወይም ሊደርሱ የተቃረቡ ኒውትሮፊሎች፣ 7 ባዞፊል የሚባሉ ሌላ ዓይነት ነጭ ሴሎች፣ የቀሩት ልዩ ልዩ። ቡቃያውም እሸቱም ፍሬውም በአንድ መስታወት ላይ በሰልፍ ቆመዋል። የ240,000 ሃምሳ አምስት ከመቶ 132,000 ነው። ወታደር ሞልቶ ተርፎታል፤ በኢንፌክሽን አይጠቃም፣ አይደማም። ትርፉን ሴል የምትሸከመው ጣፊያው ስላበጠች ነው ሆዱ የከበደው። ማይክሮስኮፑ ስር ያለውን ያየ ሰው ወጣቱን ዛሬ ያስተኛል፤ ነጋዴውን ግን በዚህ ሳምንት ተጨማሪ ምርመራ ያዝለታል። በጣም ከፍ ያለ የብላስት ቁጥር የደም ሥርን ሊዘጋ ይችላል፤ ብላስቶች ትልልቅና ደረቅ ያሉ ናቸውና። ትንንሾቹና የደረሱት ግን በዚያው ቁጥር ሾልከው ያልፋሉ።

ቡቃያ መብዛቱ ለምን ይገድላል?

አጣዳፊ ሉኬሚያ ሁለት ጉድለት አንድ ላይ ሲገጥም የሚመጣ ነው። ሴሉ የማደግ አቅሙ ይቆለፋል፣ የመባዛት ፍላጎቱ ግን አይቆምም። ማሳው በቡቃያ ጥቅጥቅ ይላል፤ ግን አንዱም እሸት አይዝም፣ ለሌላው እህልም ቦታ አይተውም። ቀይ ሴል ሲጠፋ የደም ማነስ፣ ፕላትሌት ሲጠፋ መድማት፣ ኒውትሮፊል ሲጠፋ ትኩሳት ይመጣል። ሦስቱ ምልክቶች በሳምንታት ልዩነት አንድ ላይ ሲታዩ ሀኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው መቅኔውን ነው። ያልታከመ ሕመምተኛ ዕድሜው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው።

ቡቃያው ከየትኛው ዘር እንደመጣ ማወቅም ያስፈልጋል። ከሊምፎሳይት ወገን ከሆነ ኤ ኤል ኤል ይባላል፤ በሕፃናት ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፣ ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል፣ በበለጸጉ አገሮች ከአሥር ሕፃናት ዘጠኝ የሚሆኑት ይድናሉ። ኒውትሮፊልን ከሚያስገኘው የማይሎይድ ወገን ከሆነ ኤ ኤም ኤል ነው፤ በብዛት የአዋቂዎች ሲሆን ሕክምናው በተለመደው አሠራር ለሰባት ቀን አንድ፣ ለሦስት ቀን ሌላ ኃይለኛ ኬሞ በመስጠት ይጀምራል። ኬሞው ማሳውን ጠራርጎ ያጭዳል፤ መልካሙ ዘር እንደገና እስኪበቅል ሦስት አራት ሳምንት ሕመምተኛው ያለ ወታደር ይቆያል። በዚህ ክፍተት የሚገድለው ካንሰሩ ሳይሆን ኢንፌክሽኑ ሊሆን ይችላል። ደም፣ ፕላትሌትና ጥሩ አንቲባዮቲክ በሌለበት ቦታ ይህ ሕክምና የሚከብደውም ለዚህ ነው።

የችግሩ ቁልፍ እውነት «አለመድረስ» መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው የሻንጋይን ታሪክ መንገር እወዳለሁ። ከኤ ኤም ኤል ዓይነቶች አንዱ፣ በአጭሩ ኤ ፒ ኤል የሚባለው፣ ሴሉ ከብላስት አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ የሚቆለፍበትና ሕሙማን በቀናት ውስጥ በደም መፍሰስ የሚሞቱበት ነበር። ዋንግ ዠንዪ የተባሉ ቻይናዊ ሀኪምና ባልደረቦቻቸው ሴሉን ከመግደል ይልቅ እንዲያድግ ለማድረግ አሰቡ። ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነ፣ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡ። በ1988 ያሳተሙት ጽሑፍ የ24 ሕሙማን ነበር፤ በሁሉም ላይ ማለት በሚቻል ሁኔታ የታመሙት ሴሎች በመድኃኒቱ ብቻ ከደምና ከመቅኔ ጠፉ። ቡቃያው አልታጨደም፤ እንዲደርስ ተደረገ፣ ደርሶም እንደማንኛውም ኒውትሮፊል በጊዜው ሞተ። መድኃኒቱ ለብቻው ሲሆን በሽታው ይመለስ ነበር። ዛሬ ከአርሰኒክ ጋር ሲሰጥ፣ ነጭ ሴላቸው ብዙ ካልጨመረባቸው ሕሙማን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ቀድሞ ከሉኬሚያዎች ሁሉ ቶሎ የሚገድለው ነበር።

ሥር የሰደደውስ ምን ያደርጋል?

ወደ ነጋዴው እንመለስ። እርሱ ያለበት ሲ ኤም ኤል የሚባለው ሥር የሰደደ ሉኬሚያ ነው። ሴሎቹ ያድጋሉ፣ ይደርሳሉ፣ ይሠራሉም፤ ጥፋታቸው «በቃ» የሚለውን ትእዛዝ አለመስማታቸው ነው። ምክንያቱ በደንብ ይታወቃል። በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በእነዚህ ሕሙማን ሴል ውስጥ ያልተለመደ አጭር ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባሉ አሜሪካዊት ሀኪም ክሮሞዞሙ ያጠረው ቁጥር 9 እና ቁጥር 22 ክሮሞዞሞች ቁራጭ ስለተለዋወጡ መሆኑን አሳዩ። ቁራጮቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ እንደማይዘጋ ቧንቧ ያለማቋረጥ «ተባዛ» የሚል ፕሮቲን ይፈጠራል። የነጋዴው ቀጣይ ምርመራ ይህን ቅይጥ ዘረ መል መፈለግ ነው፤ ለቲቢ ምርመራ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን በሌላ ካርትሪጅ ይህንንም መለካት ይችላል።

ቧንቧውን የሚዘጋው ኢማቲኒብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2001 ነው። መጠኑ በተለመደው 400 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአፍ። በእኛም አገር ሕሙማን መድኃኒቱን በነጻ በእርዳታ ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ሲያገኙ ቆይተዋል። የእኛ ሕሙማን ከምዕራባውያኑ በዕድሜ ወጣት ሆነው ይገኛሉ፤ የ36 ዓመት ሰው የመረጥኩትም ያለምክንያት አይደለም።

መድኃኒቱ በጥቂት ሳምንታት የነጭ ሴሉን ቁጥር ወደ ልኩ ያወርዳል፣ ጣፊያም ትሟሽሻለች። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ነው። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ያቆማል፣ ወይም ለታመመ ዘመድ ያካፍላል፣ ወይም ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን ይተዋል። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የሚጎዳው ማቋረጡ ነው። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ሲ ኤም ኤል ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በጸጥታ ይቆይና አንድ ቀን ሴሎቹ ማደግ ያቆሙ ነበር። ከመቶ 3 የነበረው ብላስት 8፣ 15፣ ከዚያ 20 ይሆናል። ያን ጊዜ ነጋዴው የወጣቱን በሽታ ይታመማል፦ ድዱ ይደማል፣ ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ቀኑም ያጥራል። አጣዳፊው ወደ ሥር የሰደደ አይለወጥም ብያለሁ፤ ሥር የሰደደው ግን ወደ አጣዳፊ ሊለወጥ ይችላል። የሚያሻግረውም ያው የሴሉ አለመድረስ ነው።

ለማርገዝ የምታስብ ሴት ግን ኢማቲኒብን በራሷ ሳታቆም አስቀድማ ሀኪሟን ማማከር አለባት፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላልና።

«ካንሰር ነው ብላችሁ ያለ መድኃኒት ትሸኙናላችሁ?»

ይህ ጥያቄ ሲ ኤል ኤል በሚባለው ሁለተኛው ሥር የሰደደ ሉኬሚያ ላይ ዘወትር ይነሣል። በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በሽታ ነው። አንድ አባት ለዓይን ቀዶ ሕክምና ደም ሲመረመሩ ሊምፎሳይታቸው 28,000 ሆኖ ይገኛል። ሞርፎሎጂው ላይ ትንንሽ፣ የደረሱ የሚመስሉ ሊምፎሳይቶች ሞልተዋል፤ መሐል መሐሉን ደም ሲሳብ የፈነዱ ሴሎች ጭቃ መስለው ተለጥፈዋል። ሄሞግሎቢናቸው 13፣ ፕላትሌታቸው 190,000። ሐኪሙ «አባባ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ይላቸዋል። ልጆቻቸው ይቆጣሉ፤ «ሐኪሙ ንቆን ነው» ይላሉ፣ ሌላ ሆስፒታል ይዘዋቸው ይዞራሉ።

ሐኪሙ አልናቃቸውም። እነዚህ ሴሎች በፍጥነት እየተባዙ አይደለም፤ በአብዛኛው የተከማቹት መሞት ሲገባቸው ስላልሞቱ ነው። ምልክት ለሌለው ሰው ኬሞ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ እንደማይጨምር በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ግን ከመጀመሪያው ቀን አለ። አንዳንዱ ሕመምተኛ በሌላ ምክንያት እስኪያርፍ ሕክምና ሳያስፈልገው ይኖራል። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ለወግ አይደለም፤ የሚታዩ የታወቁ ነገሮች አሉ። ሄሞግሎቢን ከ10 ወይም ፕላትሌት ከ100,000 እየወረደ ከሄደ፣ ሊምፎሳይቱ ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ እጥፍ ከሆነ፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ ወይም በስድስት ወር ውስጥ የክብደት አንድ አሥረኛ መቀነስ ከመጣ ሕክምናው ይጀመራል። እስከዚያ ግን ትኩሳትን መናቅ አይገባም፤ ሴሎቹ የደረሱ ቢመስሉም በመከላከል ሥራ ደካሞች ናቸው።

ሊምፎማስ በየትኛው ይመደባል?

ሊምፎማ የሊምፎሳይት ካንሰር ነው፤ ከሉኬሚያ የሚለየው በዋናነት በሚሰፍርበት ቦታ ነው። ሉኬሚያው በመቅኔና በደም ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ሊምፎማው በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት ወይም በሆድ ውስጥ ባሉት ዕጢዎች ጓል ይሠራል። ድንበሩ ግንብ አይደለም። ከላይ ያየነው የአባባ በሽታ ደም ውስጥ ሳይበዛ ዕጢ ላይ ብቻ ሲገኝ ስሙ ሊምፎማ ይሆናል፤ በሽታው ግን አንድ ነው።

ሀኪሞች ለሊምፎማ አጣዳፊና ሥር የሰደደ አይሉም። ዝግተኛ እና ኃይለኛ ነው የሚሉት። የስም ለውጡ ትርጉም አለው፤ የስንዴው ምሳሌያችን እዚህ ይሰናከላልና። አብዛኞቹ የሊምፎማ ሴሎች፣ ፈጣኖቹም ሳይቀሩ፣ የቡቃያነትን ዕድሜ ያለፉ ናቸው። ስለዚህ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ፍጥነቱን አይነግረንም።

ለዚህ የሚሆነው ምሳሌ ከጎረቤታችን የተገኘ ነው። በ1958 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ መንጋጋቸው ያበጠ የኡጋንዳ ሕፃናትን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። በእርሱ ስም የሚጠራው ሊምፎማ ወባ በሚበዛባቸው ቆላማ አካባቢዎች የሚዘወተር ነው። ሴሉ ከብላስት የራቀ፣ የደረሰ ቢ ሊምፎሳይት ነው፤ ነገር ግን መባዛት የሚያዘው ዘረ መሉ ቦታ ስቶ ስለተከፈተ፣ ናሙናው ሲታይ መቶ በመቶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሴል በመባዛት ላይ ይገኛል። እብጠቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ጥርስ ያመመው የመሰለ ሕፃን በሳምንቱ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ሊገፋ ይችላል።

ከዚህ በተቃራኒ ፎሊኩላር የሚባለው ሊምፎማ አለ። እርሱም ከዚያው የሊምፎሳይት ሠፈር የወጣ የደረሰ ሴል ነው። የተበላሸው ግን ሴልን እንዳይሞት የሚጠብቀው ዘረ መል ነው። ሴሉ አይጣደፍም፤ እንዲሁ አይሞትም። ዕጢው ለዓመታት አበጥ፣ ሟሸሽ ይላል። ብዙ ሕሙማን እንደ አባባ በክትትል ይቆያሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖሩትም ብዙ ናቸው።

አሁን ለሕሙማን ቤተሰብ ለማስረዳት የሚከብደው ነገር ይመጣል። ጨርሶ የሚድነው በአብዛኛው ፈጣኑ ነው። ኬሞ የሚመታው በመባዛት ላይ ያለ ሴልን ስለሆነ በርኪት ሲያገኘው ይቀልጣል፤ እንዲያውም ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ሲፈርሱ የሚለቁት ፖታሲየም ልብን፣ ዩሪክ አሲድ ደግሞ ኩላሊትን ስለሚያውክ አስቀድሞ ብዙ ፈሳሽና አሎፑሪኖል የሚባለውን ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት መስጠት ግድ ነው። ዝግተኛው ግን አብዛኛው ሴሉ ተኝቶ ኬሞው ያልፈዋል። ይታገሣል፣ ይቀንሳል፣ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። በአዋቂዎች ላይ የሚበዛው ኃይለኛ ሊምፎማ፣ ትላልቅ የቢ ሴሎች ያሉበት፣ በስድስት ዙር ገደማ ኬሞና ሪቱክሲማብ በሚባል መድኃኒት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሕሙማን ጨርሶ ማዳን ይቻላል። በዝግተኛው ላይ ግን እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሰጥ ሐኪም ጥቂት ነው።

ንፍፊቱ ቲቢ ነው ወይስ ሊምፎማ?

በእኛ አገር አንገት ላይ ለወጣ ንፍፊት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ሌሊት ማላብ፣ መክሳት፣ ትኩሳት በሁለቱም አሉ። በጣት ሲዳሰስ የቲቢው ዕጢ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንዳንዴ መግል ይይዛል፤ የሊምፎማው እንደ ጎማ ለጠጥ የሚል፣ ብዙ ጊዜ የማያም ነው። በጣት ብቻ ግን አይፈረድም። ጣፊያ ሲያብጥም እንዲሁ ነው፤ ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ካላዛርም ወባም ከሊምፎማ ቀድመው ይታሰባሉ።

ስህተቱ የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው። መርፌው ሴሎችን በተን አድርጎ ያወጣል፤ ቲቢን ወይም ቡቃያ ሴልን ለመጠርጠር ይበቃል። የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ግን ሴሎቹ ዕጢው ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ መታየት አለበት፤ ፎሊኩላር ስሙን ያገኘው ከዚህ አደራደር ነው። ስለዚህ ሊምፎማ ሲጠረጠር ከተቻለ አንድ ዕጢ ሙሉውን ወጥቶ በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ንፍፊቱ እየጨመረ የሄደ ሰውም ይህንኑ ምርመራ መጠየቅ አለበት፤ ቲቢ ራሱ በሕክምና ላይ ሳለ ለጊዜው ሊያብጥ ስለሚችል መልሱን የሚሰጠው ናሙናው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ስቴሮይድ የሚባሉት እብጠት ቀናሽ መድኃኒቶች፣ ማለትም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን፣ ናቸው። ሕመምተኛው እብጠቱ እንዲቀንስለት ተብሎ ከናሙናው በፊት ይሰጠዋል። ሊምፎማና ኤ ኤል ኤል ለእነዚህ መድኃኒቶች ቶሎ ስለሚሸነፉ ንፍፊቱ በቀናት ይጠፋል፤ ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና የሞቱ ሴሎችና ጠባሳ ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ፓቶሎጂውም «መለየት አልተቻለም» ብሎ ይጽፋል። የመተንፈሻ ቧንቧው ካልታፈነ በስተቀር መድኃኒቱ ዕጢው ወጥቶ ፎርማሊን ውስጥ እስኪገባ መቆየት ይችላል።